በስልክ የተነሣ የልብ ሞኒተር ፎቶን እንዴት እናነባለን? ለነርሲንግ ተማሪዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በሞኒተር ላይ የሚሄደው መስመር ፎቶ ሲነሣ ሁለት ነገሮችን ያጣል። መጀመሪያ እንቅስቃሴው ይቆማል፤ ስለዚህ ከታካሚው የልብ ምት የምናየው የጥቂት ሰከንዶች ቁራጭ ብቻ ይሆናል። ቀጥሎ ልኩ ይጠፋል፤ በኢሲጂ ወረቀት ላይ በካሬዎች የተሠመረው ጊዜ በአብዛኛው ስክሪን ላይ የለም፣ ስልኩም ምስሉን ያሳንሰዋል፣ ያሰፋዋል፣ ያዘነብለዋል። ብዙ ተማሪዎች ይህን ሳያስቡ በቀጥታ ወደ ሞገዶቹ ስም ይሄዳሉ። ፒን ይፈልጋሉ፣ ቲን ይፈልጋሉ፣ ከዚያም በመጽሐፍ ካዩት ሥዕል ጋር ያመሳስላሉ። እኔ የምመክረው ሌላ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ፎቶው ምን እንደያዘ ማወቅ፣ ከዚያ የጠፋውን የጊዜ ልክ መመለስ፣ ከዚያ ሞገዶቹን ማንበብ፣ በመጨረሻም የልቡን መስመር ከሥሩ ካለው የኦክስጅን መለኪያ ሞገድ ጋር ማስተያየት። የመጨረሻው እርምጃ ከሁሉም በላይ ስለሚዘነጋ ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ።

ፎቶው ከመነሣቱ በፊት

ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ እጃችሁ መሄድ ያለበት ወደ ታካሚው እንጂ ወደ ስልኩ አይደለም። ሞኒተሩ የሚያሳየው የልብን ኤሌክትሪክ ነው፤ ልብ ደም እየረጨ መሆኑን አያሳይም። መስመሩ ፍጹም ጤናማ መስሎ ታካሚው የደም ሥር ትርታ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ታካሚውን ጥሩት፣ አተነፋፈሱን እዩ፣ ትርታውን ዳስሱ። ምላሽ ከሌለ እርዳታ ጠርታችሁ ልብን የማነቃቃት ሥራ ትጀምራላችሁ፤ የፎቶ ነገር ያኔ የለም።

ታካሚው ደህና ከሆነና ፎቶው ለትምህርት ወይም ሐኪም ለማማከር ካስፈለገ፣ አስቀድማችሁ የዎርዱን ደንብ ጠይቁ፣ ታካሚውንም አስፈቅዱ። ስሙ፣ የካርድ ቁጥሩና የአልጋ ቁጥሩ በፎቶው ውስጥ መግባት የለባቸውም። ብዙ ሞኒተሮች እነዚህን በስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ስለሚጽፉ በወረቀት ሸፍኗቸው።

የስልኩን ብርሃን አጥፉ፤ በስክሪኑ ላይ ነጸብራቅ ፈጥሮ የሞገድ ክፍል ይውጣል። ከስክሪኑ ፊት ለፊት ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ስልኩንም በስክሪኑ መሐል ትይዩ ያዙ። ሞኒተሩ Freeze የሚል ቁልፍ ካለው ተጫኑት፤ መስመሩ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ነገር ግን በብዙ ሞኒተሮች መስመሩ ሲቆም በጎን ያሉት ቁጥሮች መለዋወጣቸውን ይቀጥላሉ። ቆይታችሁ ካነሣችሁት ፎቶው የአንድ ደቂቃ መስመርና የሌላ ደቂቃ ቁጥር ይይዛል፤ በኋላ የሚያነበው ሰው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሞኒተሩ ወረቀት የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን አውጡና እሱንም አንሡት። ባለካሬው ወረቀት ከማንኛውም የስክሪን ፎቶ ይበልጣል።

መጀመሪያ ጽሑፉን፣ ከዚያ መስመሩን

ፎቶው ሲደርሳችሁ ከመስመሩ ዳር ያሉትን ትንንሽ ጽሑፎች አስቀድማችሁ አንብቡ። በብዙ ሞኒተሮች ከልብ መስመሩ በላይ እንዲህ ያለ ነገር ታገኛላችሁ፦

```
II   ×1   25 mm/s   Monitor
HR 75     SpO2 96     PR 75
```

II ማለት መስመሩ የተወሰደበት አቅጣጫ ሊድ ሁለት ነው ማለት ነው። ብዙ ሞኒተሮች ይህን የሚመርጡት የፒ ሞገድ በዚህ አቅጣጫ ጎልቶ ወደ ላይ ስለሚታይ ነው። ×1 የከፍታው ማጉያ ነው፤ በዚህ ልክ 1 ሚሊቮልት በ10 ሚሊሜትር ይሣላል። አንድ ሰው ወደ ×2 ከቀየረው ሁሉም ነገር በእጥፍ ይረዝማል፣ «ቲ በጣም ረዝሟል» የሚል የተሳሳተ ድምዳሜም ከዚያ ይመጣል። 25 mm/s የመስመሩ ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ 12.5 ከሆነ ምቶቹ ተጠጋግተው ልብ የሚሮጥ ይመስላል፤ 50 ከሆነ ተራርቀው የዘገየ ይመስላል፣ ኪውአርኤሱም ያለ ልኩ ሰፍቶ ይታያል።

Monitor የሚለው የማጣሪያው ዓይነት ነው። ይህ ማጣሪያ የታካሚው እንቅስቃሴና ትንፋሽ መስመሩን እንዳያወዛውዘው ቀርፋፋውን ምልክት ይቆርጣል፤ በዚያው ግን ከኪውአርኤስ በኋላ ያለውን የኤስቲ ክፍል ሊያዛባው ይችላል። ስለዚህ የስክሪን ፎቶ ይዛችሁ «ኤስቲ ከፍ ብሏል፣ የልብ ደም ሥር ተዘግቷል» አትበሉ፤ «ኤስቲ ከፍ አላለም፣ ደህና ነው» ብላችሁም ታካሚ አታሰናብቱ። የደረት ሕመም ያለበት ሰው የሚያስፈልገው ባለ 12 ሊድ ኢሲጂ ነው።

ከኦክስጅን ቁጥሩ አጠገብ ያለው PR ብዙዎችን ያሳስታል። እዚያ ቦታ ላይ ሲጻፍ ጣት ላይ የተሰካው መለኪያ የቆጠረው የትርታ ብዛት ነው፤ በፒ እና በኪውአርኤስ መካከል ካለው ርቀት ጋር ግንኙነት የለውም። HR የሚባለው ደግሞ ከደረት ኤሌክትሮዶች የተቆጠረ የልብ ምት ነው። ሁለቱ የተለያዩ ምስክሮች መሆናቸውን ያዙልኝ።

ክፍተቱና ዝንባሌው

በስክሪኑ ላይ አዲሱ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እየተሣለ አሮጌውን ይሰርዛል። አዲሱና አሮጌው በሚገናኙበት ቦታ ጠባብ ባዶ ክፍተት አለ። መስመሩ ሲሄድ በዓይናችን ስለምንከተለው ክፍተቱ አያሳስተንም፤ በፎቶ ላይ ሲቆም ግን ልብ ለአፍታ ቀጥ ያለች ይመስላል። ተማሪ «እዚህ ጋር ምት ዘለለ» ብሎ ሲያሳየኝ መጀመሪያ የምፈትሸው ይህን ነው። ክፍተቱ በኦክስጅኑና በሌሎቹ መስመሮች ላይም በዚያው ቦታ፣ በአንድ ቀጥታ ቁልቁል መስመር ከታየ የስክሪኑ መሰረዣ እንጂ የልብ ዝምታ አይደለም። ከክፍተቱ በስተግራ ያለው አሁን የተሣለ ነው፣ በስተቀኝ ያለው ከጥቂት ሰከንዶች በፊት የተሣለ ነው። ክፍተቱን የሚያቋርጠውን ርቀት ፈጽሞ አትለኩ።

ሁለተኛው ወጥመድ ፎቶው ከጎን ሲነሣ የሚመጣው ነው። ከስልኩ የራቀው የስክሪኑ ጫፍ ይጠብባል፣ ምቶቹም ወደዚያ ሲሄዱ ይቀራረባሉ። መለያው ቀላል ነው፦ ርቀቱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ቀስ በቀስ በሥርዓት እያነሰ ከሄደ የካሜራው ሥራ ነው። የእውነት ያልተስተካከለ ምት እንዲህ ያለ ሥርዓት የለውም። የስክሪኑን ጠርዝም ተመልከቱ፤ የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ ትይዩ ካልሆኑ ከዚያ ፎቶ ላይ ርቀት መለካት አያዋጣም፣ ሌላ ፎቶ ጠይቁ።

የጠፋውን ጊዜ መመለስ

ፎቶው የወረቀት ከሆነ ሥራው ተጠናቋል። በ25 ሚሊሜትር ፍጥነት ትንሿ ካሬ 0.04 ሰከንድ፣ አምስት ትንንሽ ካሬዎችን የያዘችው ትልቋ ካሬ 0.20 ሰከንድ ናት። ፎቶው ቢሰፋም ቢጠብም ካሬዎቹ አብረው ስለሚሰፉና ስለሚጠብቡ ልኩ አይጠፋም።

ካሬ የሌለው የስክሪን ፎቶ ሲሆን ምቱ የተስተካከለ እስከሆነ ድረስ ልኩን ከ HR ቁጥሩ ማውጣት ይቻላል። 60ን ለ HR ስታካፍሉ ከአንዱ አር ጫፍ እስከ ቀጣዩ አር ጫፍ ያለውን ጊዜ በሰከንድ ታገኛላችሁ። HR 75 ቢሆን 60 ሲካፈል ለ75፣ 0.8 ሰከንድ ይሆናል። አሁን ፎቶውን በኮምፒውተር ስክሪን ላይ አስፉና የወረቀት ጠርዝ አስጠግታችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከአር እስከ አር 40 ሚሊሜትር ሆነ እንበል፤ እንግዲያው እያንዳንዱ ሚሊሜትር 0.02 ሰከንድ ነው። በዚያው ልክ ከፒ መነሻ እስከ ኪውአርኤስ መነሻ 8 ሚሊሜትር ካገኛችሁ 0.16 ሰከንድ ማለት ነው። ኪውአርኤሱ 4 ሚሊሜትር ቢሰፋ 0.08 ሰከንድ ነው። ከአንዱ ልኬት ወደ ሌላው ስትሄዱ የፎቶውን መጠን እንዳትነኩ፤ ከነካችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ይህ ዘዴ ሁለት ቦታ ላይ ይከሽፋል። HR የብዙ ምቶች አማካይ ስለሆነ ርቀቶቹ በሚለዋወጡበት ምት ላይ አንዱን ርቀት ለይቶ መለኪያ ማድረግ አይቻልም። ሞኒተሩ ራሱ በተሳሳተ መንገድ ቆጥሮ ከሆነም ከስህተት የወጣ ልክ ስህተት ይሆናል።

ሞገዶቹን የምናነብበት ቅደም ተከተል

ሁልጊዜ ከአር ጀምሩ፤ ከሁሉም የሾለና በቀላሉ የሚገኝ እሱ ነው። የወረቀቱን ጠርዝ ከአሮቹ በታች አድርጋችሁ የሁለት ተከታታይ አሮችን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ወረቀቱን ወደ ቀኝ አንሸራትቱና ቀጣዮቹ ጥንዶች በምልክቶቹ ላይ ይወድቁ እንደሆነ እዩ። በሁሉም ላይ ከወደቁ ምቱ የተስተካከለ ነው። ከትንፋሽ ጋር ቀስ ብሎ የሚሰፋና የሚጠብብ ከሆነ በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ ጤናማ ሊሆን ይችላል። ምንም ዓይነት ሥርዓት ካልተገኘ ደግሞ ይህን ጻፉና ወደ ፒ እለፉ።

ፒ የላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች ኤሌክትሪክ ነው፤ ትንሽ፣ ክብ ያለ፣ በሊድ ሁለት ወደ ላይ የቆመ ጉብታ ነው። ጥያቄው «ጉብታ አለ ወይ?» አይደለም፤ ጉብታ የትም አይጠፋም። ትክክለኛው ጥያቄ «አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው ጉብታ ከእያንዳንዱ ኪውአርኤስ በፊት በእኩል ርቀት ተቀምጧል ወይ?» የሚል ነው። አዎ ከሆነ ርቀቱን ለኩ፤ ጤናማው ከ0.12 እስከ 0.20 ሰከንድ፣ ማለትም ከሦስት እስከ አምስት ትንንሽ ካሬ ነው። ፒውም ኪውአርኤሱም ተገልብጠው ከታዩ ልብን ከመክሰሳችሁ በፊት ገመዶቹን እዩ። በሆስፒታሎቻችን ሁለት ዓይነት የቀለም ሥርዓት ያላቸው ገመዶች ተቀላቅለው ይገኛሉ። በአሜሪካው ሥርዓት ነጭ በቀኝ ትከሻ፣ ጥቁር በግራ ትከሻ፣ ቀይ በግራ በኩል ከጎድን አጥንቶች በታች ይለጠፋል። በአውሮፓው ሥርዓት ቀይ በቀኝ ትከሻ፣ ቢጫ በግራ ትከሻ፣ አረንጓዴ በግራ ታች ይሆናል። ቀዩ በአንደኛው ከላይ በቀኝ፣ በሌላኛው ከታች በግራ መሆኑን አስተውሉ፤ ከቀለሙ ይልቅ በገመዱ ራስ ላይ የተጻፉትን RA፣ LA፣ LL ወይም R፣ L፣ F ፊደላት እመኑ።

ቀጥሎ የኪውአርኤስን ስፋት ለኩ። ከሦስት ትንንሽ ካሬ፣ ማለትም ከ0.12 ሰከንድ ካነሰ ጠባብ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በተለመደው መንገድ ወደ ታችኛዎቹ ክፍሎች ወርዷል ማለት ነው። 0.12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰፊ ነው። ሰፊና ፈጣን ምት በፎቶ ላይ ካያችሁ ሌላው ሁሉ ይቆይና ታካሚውን እዩ፣ ሐኪም ጥሩ።

ቲ ከኪውአርኤስ በኋላ የሚመጣው ሰፋ ያለ ጉብታ ነው። በሞኒተር ፎቶ ላይ ለተማሪ የምመክረው ከቲ ቅርጽ ብዙ ትርጉም እንዳይፈልግ ነው። ቲን የምታዩት በዋናነት ለአንድ ጉዳይ ነው፦ በጣም ከረዘመ ሞኒተሩ እንደ ሁለተኛ አር ሊቆጥረው ይችላል።

የልቡን መስመር በጣቱ ሞገድ መመርመር

ከልብ መስመሩ ሥር ያለው የተጠጋጋ ሞገድ ከጣት የሚመጣ ነው። ልብ ደም ስትረጭና ደሙ ጣት ላይ ሲደርስ ይነሣል፤ ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ወደ ትርታ መቀየሩን በፎቶ ላይ የሚመሰክርልን እሱ ብቻ ነው። ደሙ ከልብ እስከ ጣት ለመድረስ ጊዜ ይወስድበታል፣ መሣሪያውም በራሱ ያዘገየዋል። በመሆኑም ጉብታው ከአሩ በታች በቀጥታ ስለማይውል የምታስተያዩት ቦታውን ሳይሆን ብዛቱንና ስርዓቱን ነው። የትንፋሹ መስመር ደግሞ በብዙ ሞኒተሮች በ6.25 ሚሊሜትር ፍጥነት ስለሚሄድ ከሁለቱ ጋር አታስተያዩት።

HR እና PR ተቀራራቢ ከሆኑ እሰዬው። ካልተቀራረቡ ምክንያቱን ሳታገኙ ፎቶውን አትዝጉት። HR 150፣ PR 75 ቢል፣ ማለትም አንዱ የሌላው ልክ እጥፍ ቢሆን፣ በመስመሩ ላይ አሮቹን ራሳችሁ ቁጠሩ። አሮቹ ጥቂት ሆነው ከእያንዳንዳቸው በኋላ የረዘመ ቲ ካለ ሞኒተሩ ቲን ጨምሮ ቆጥሯል፤ የሞኒተሩን ሊድ ቀይሩለት። አሮቹ በእርግጥ ብዙ ሆነው እያንዳንዱ ሁለተኛ ምት ሰፊና ቀድሞ የመጣ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ከታችኛው ክፍል እየቀደሙ የሚነሡት ምቶች ልብ ሳትሞላ ስለሚመጡ ጣት ላይ አይደርሱም፤ ይህ ለሐኪም የሚነገር ነው።

መስመሩ እንደ ዕብድ ሲወዛወዝ የጣቱ ሞገድ ተረጋግቶ በእኩል ርቀት የሚሄድ ከሆነ፣ ታካሚው ጥርሱን እየፋቀ፣ እያከከ ወይም በብርድ እየተንቀጠቀጠ ሊሆን ይችላል። በውዝውዙ ውስጥ የሾሉ አሮች በእኩል ርቀት ብቅ እያሉ ካገኛችኋቸው ግምታችሁ ይጠነክራል። መስመሩ ወፍሮ በደቃቅ ጥርሶች የተሞላ ከሆነ ከመብራት ኃይሉ የሚመጣ ጣልቃ ገብነት ነው፤ በአገራችን የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ስለሆነ በአንዲት ትልቅ ካሬ ውስጥ አሥር ጥርሶች ትቆጥራላችሁ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ጠፍቶ የጣቱ ሞገድ ካለ ኤሌክትሮዱ ተነቅሏል ወይም ጄሉ ደርቋል። ቆዳውን ጠርጉ፣ ይድረቅ፣ አዲስ ለጥፉ።

አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ለልምምድ እንዲህ ያለች ታካሚ እናስብ። ዕድሜዋ 28 ነው፤ በልጅነቷ በጉሮሮ ሕመም ሰበብ በመጣ የሩማቲክ ትኩሳት የግራ ልቧ ሚትራል ቫልቭ ጠብቧል። ትንፋሽ አጥሯት ሜዲካል ዎርድ ገብታለች። የስክሪኗ ፎቶ II፣ ×1፣ 25 mm/s ይላል፤ HR 130፣ PR 94። የስክሪኑ ጠርዞች ትይዩ ናቸው፣ መሰረዣው ክፍተት ከመሐል ትንሽ ወደ ቀኝ ይታያል። ከስክሪኑ ጋር የወረቀት ቁራጭም ተነሥቷል።

በወረቀቱ ላይ ሠላሳ ትልልቅ ካሬዎችን ቆጠርን፤ ይህ 6 ሰከንድ ነው። በውስጡ 13 አሮች አሉ። 13 ሲባዛ በ10፣ በደቂቃ 130። ስለዚህ ሞኒተሩ አሮቹን በትክክል ቆጥሯል፣ ቲን አልጨመረም። ርቀቱ ሲለዋወጥ መጠቀም ያለብን ይህን የ6 ሰከንድ ቆጠራ ነው፤ 300ን በትልልቅ ካሬዎች ማካፈል የሚሠራው ለተስተካከለ ምት ብቻ ነው።

ከአር እስከ አር ያለውን ርቀት በትንንሽ ካሬዎች ስንለካ 9፣ 14፣ 11፣ 8፣ 13፣ 12፣ 17 እያለ ይሄዳል። ወረቀቱን ብናንሸራትትም ምልክቶቹ በተከታታይ አይገጥሙም። ርቀቱ ወደ አንድ ጎን እየጠበበ ስላልሄደና ካሬዎቹም እኩል ስለሆኑ የካሜራ ዝንባሌ አይደለም። በኪውአርኤሶቹ መካከል ጉብታዎች ይታያሉ፤ አንዳንዶቹ ፒ ይመስላሉ። ነገር ግን ከመጀመሪያው ኪውአርኤስ በፊት ያለው ጉብታ ከሁለተኛው በፊት የለም፣ ከሦስተኛው በፊት ቅርጹ ሌላ ነው። ኪውአርኤሱ ሁለት ትንንሽ ካሬ፣ ማለትም 0.08 ሰከንድ ነው፤ ጠባብ ነው።

ርቀቱ ያለ ምንም ሥርዓት መለዋወጡ፣ ቋሚ ፒ አለመኖሩና ኪውአርኤሱ ጠባብ መሆኑ ወደ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይመራናል። የላይኛዎቹ ክፍሎች በአንድነት መኮማተራቸውን ትተው ይርገበገባሉ፤ ወደ ታች የሚወርደው ምልክት የትኛው እንደሚያልፍ ሥርዓት የለውም። በሩማቲክ የሚትራል መጥበብ ግራው የላይኛው ክፍል ደም እየተጠራቀመበት ስለሚለጠጥ ይህ ምት በወጣቶችም ላይ ይመጣል። መርገብገቡ ጎላ ብሎ ፒ መስሎ መታየቱም በእነዚህ ታካሚዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ማረጋገጫው ባለ 12 ሊድ ኢሲጂ ነው፤ በእጃችን ካለው ፎቶ ግን ለሐኪሙ የምንናገረው በቂ ነገር አለን።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንመለስ። HR 130፣ PR 94፤ ልዩነቱ 36 ነው። እጥፍ አይደለም፣ ቆጠራውም ትክክል መሆኑን አረጋግጠናል። የጣቱን ሞገድ ስናይ ጉብታዎቹ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ናቸው፤ ከአንዳንዶቹ አሮች በኋላ ምንም ጉብታ የለም። 8 ትንንሽ ካሬ ማለት 0.32 ሰከንድ ብቻ ነው። ጤናማ ቫልቭ ላላትም ልብ ይህ አጭር ነው፤ ደሟን በጠባብ በር ለምትቀበል ልብ ደግሞ ለመሙላት ፈጽሞ አይበቃም። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ አለ፣ መኮማተሩም አለ፣ እጅ አንጓ ላይ የሚደርስ ደም ግን የለም። 17 ካሬ፣ ማለትም 0.68 ሰከንድ ከቆየው ርቀት በኋላ የመጣው ምት ግን ጥሩ ጉብታ ሰጥቷል።

የጣት መለኪያው ደካማ ጉብታዎችን ራሱ ሊዘልል ስለሚችል ይህን ልዩነት በአልጋው አጠገብ ማረጋገጥ ይገባል። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዷ በስቴቶስኮፕ በልብ ጫፍ ላይ፣ ሌላዋ በእጅ አንጓ ላይ፣ በአንድ ሰዓት እያዩ እኩል ጀምረው ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጥራሉ። ያልተስተካከለን ምት ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ከእውነቱ ያርቃል። በልብ ጫፍ 128፣ በእጅ አንጓ 92 ቢገኝ ሁለቱም ይመዘገባሉ። በቻርቱ ላይ የእጅ አንጓውን ብቻ ጽፎ የሄደ ሰው ይህችን ታካሚ «92፣ ደህና ናት» ብሏት አልፏል ማለት ነው።

ለተረኛው ሐኪም ሲደወል እንዲህ ሊባል ይችላል፦

«ዶክተር፣ ከሜዲካል ዎርድ ነው። የሚትራል ቫልቭ መጥበብ ያለባት የ28 ዓመት ታካሚ ትንፋሽ አጥሯታል። በሞኒተር ምቷ ያልተስተካከለ፣ ቋሚ ፒ የሌለው፣ ኪውአርኤሱ ጠባብ ነው። በልብ ጫፍ 128፣ በእጅ አንጓ 92 ቆጥረናል። የደም ግፊቷን፣ የኦክስጅኗንና የትንፋሿን ልኬት አሁን ልንገርዎት። ባለ 12 ሊድ ኢሲጂ እያነሣን ነው፣ ይምጡልን።»

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነገር አንድ ነገር አለ፦ በድንገት ንግግሯ ከተሳሰረ ወይም አንድ ጎኗ ከደከመ ይህም ወዲያውኑ ለሐኪሙ ይነገራል። በሚርገበገበው ክፍል ውስጥ ደም ይረጋል፣ የረጋው ደም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። በሩማቲክ የሚትራል መጥበብና በዚህ ምት ላይ ያለ ታካሚ ይህ ሥጋት ከፍተኛ ስለሆነ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እየወሰደች መሆን አለመሆኑን ጠይቃችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

በሚቀጥሉት ቀናት የሚነሡ ፎቶዎች

ታካሚዋ ዲጎክሲን ከተጀመረላት ከእያንዳንዱ መድኃኒት በፊት በልብ ጫፍ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል፤ ለአዋቂ ሰው ከ60 በታች ከሆነ መድኃኒቱ ተይዞ ሐኪም ይጠየቃል። የሞኒተሩ ፎቶም የሚጠቅመው ከቀደመው ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ነው። ሊድ፣ ማጉያና ፍጥነት በሁለቱም አንድ ዓይነት መሆናቸውን እዩ፤ ካልሆኑ ማወዳደሩ አይሠራም። የምንጠብቀው ርቀቶቹ እየሰፉ፣ ያለመስተካከሉ ግን እንዳለ ሆኖ፣ HR እና PR እየተቀራረቡ ሲመጡ ነው።

የምቱ ድንገት መስተካከል ብዙዎችን ያስደስታል። ፒ ተመልሶ ከእያንዳንዱ ኪውአርኤስ በፊት በእኩል ርቀት ከቆመ ደስታው ተገቢ ነው። ፒ ሳይኖር፣ ሥሩ አሁንም እየተርገበገበ፣ አሮቹ ግን በ50 አካባቢ በእኩል ርቀት መቆጠር ከጀመሩ ፎቶው የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። ከላይ የሚመጣው ምልክት በሙሉ ታግዶ ከመሐል ያለ ተጠባባቂ ቦታ ልብን እያንቀሳቀሳት ሊሆን ይችላል፤ በዲጎክሲን መመረዝ ላይ እንዲህ ያለ ምት ይታያል። ማቅለሽለሿን፣ ማስመለሷን፣ ነገሮች ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆነው ይታዩዋት እንደሆነ ጠይቋት። ፉሮሴማይድ አብራ የምትወስድ ከሆነ ፖታስየሟ ወርዶ መመረዙን ሊያባብሰው ስለሚችል የመጨረሻውን የላቦራቶሪ ውጤት ፈልጉ። የሚቀጥለውን ዲጎክሲን ያዙ፣ ባለ 12 ሊድ ኢሲጂ አንሡ፣ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ወዲያውኑ ለሐኪሙ አሳዩ።